አሰስመንት ሴንተር ላይ የግሩፕ ኤክሰርሳይስ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚጽፉት ሰዎች ምንድነው የሚጽፉት?

ሚሚ ከማንቸስተር
ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ እዚህ እንግሊዝ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ዘንድሮ ዩኒቨርስቲ ጨርሼ ለግራጁዌት ስኪም አመልክቼ ነበር፣ የኦንላይን ፈተናውን አልፌ አሁን ለአሰስመንት ሴንተር ጠርተውኛል። ቀኑን ሙሉ ነው፣ ኢንተርቪው አለ፣ ፕረዘንቴሽን አለ፣ ከዛ ደግሞ ከማላውቃቸው ልጆች ጋር የግሩፕ ኤክሰርሳይስ አለ። እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው። አምና ሌላ ቦታ ተጠርቼ ሄጄ ነበር፣ አልተቀበሉኝም፣ በኋላ የላኩልኝ ፊድባክ ላይ በግሩፑ ውስጥ ያደረግሽው አስተዋጽኦ አነስተኛ ነው ይላል። እኔ ግን ወረቀቱን ከሁሉም በደንብ አንብቤ ነበር፣ ሰው ሲናገር በስርዓቱ እሰማ ነበር፣ የተስማማሁበት ላይ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ የማልስማማበት ላይ ደግሞ ሰውየው እስኪጨርስ እየጠበቅኩ። እነዚያ ግድግዳ ጋ የሚቀመጡት ሰዎች ምን አይተው ነው ነጥብ የሚሰጡት?

ናቲ ለንደን
ሚሚዬ ቀላል ነው። መጀመሪያ የምትናገሪው አንቺ ሁኚ፣ ስልክሽን ጠረጴዛ ላይ አድርጊና እኔ ሰዓት እይዛለሁ በይ፣ ወይ ደግሞ ማርከሩን ያዢና ቦርዱ ላይ ጻፊ። ሊደር ነው የሚፈልጉት። ስድስት ልጅ አስገብተው ሁለት ነው የሚወስዱት ስለዚህ ሌሎቹን መብለጥ አለብሽ፣ ዝም ካልሽ አለቀ። ዝም ማለት ያው የኛ ሰው አመል ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ግን አይሰራም።

ፀዳለ
ሚሚ እህቴ፣ እኔ ለንደን የመንግስት መስሪያ ቤት ውስጥ የሰው ሃይል ክፍል ነው የምሰራው፣ አሰሰር ሆኜ ስልጠና ወስጄ ግድግዳ ጋ ከሚቀመጡት አንዷ ነኝ፣ ስለዚህ ከወረቀቱ በኩል ልንገርሽ። ናቲ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፣ ዝም ያለ ሰው ነጥብ አያገኝም። ሌላው ግን ሰው ያበላሻል።

መጀመሪያ፣ አንድ አሰሰር ብዙ ጊዜ የሚከታተለው ሁለት ልጅ ነው፣ ሁሉንም አይደለም። ፊቴ ያለው ወረቀት ባዶ ነው፣ በግራ በኩል ደቂቃውን እጽፋለሁ፣ በቀኝ ልጁ ያለውን ቃል በቃል፣ ያደረገውንም እንዲሁ። በዛን ሰዓት ጎበዝ ነው ሰነፍ ነው ብለን እንድንጽፍ አይፈቀድልንም፣ ያየነውንና የሰማነውን ብቻ ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ እያንዳንዱን መስመር በየባህሪው ስር እንመድበዋለን፣ ይሄ አብሮ መስራት ነው፣ ይሄ ውሳኔ ነው፣ ይሄ ሃሳብን መግለጽ ነው እያልን፣ ነጥብ የምንሰጠው ከዛ በኋላ ነው። ሲቪል ሰርቪስ ውስጥ ከ1 እስከ 7 ነው፣ 1 ማለት ምንም አልታየም፣ 4 ማለት ተቀባይነት ያለው፣ 7 ደግሞ የላቀ። የግል ድርጅቶች ብዙዎቹ እስከ 5 ነው የሚሰጡት።

አሁን ያንቺን ነገር ተመልከችው። ራስሽን ስትነቀንቂ አንድ መስመር እጽፍ ይሆናል። አንብበሽ የገባሽን ነገር ግን በአፍሽ ካላወጣሽው የምጽፈው ነገር የለኝም፣ ገምቼ ደግሞ መጻፍ አልችልም። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ እኛ 1 ወይ 2 ከመስጠት ሌላ ምርጫ የለንም፣ ልጅቷ ጎበዝ እንደሆነች በሆዳችን እያወቅንም ቢሆን።

ናቲ፣ ሰዓት መያዝ በራሱ ባህሪ አይደለም። «አስራ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል» ብሎ ዝም ያለ ልጅ እኔ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። «አስራ አምስት ደቂቃ ነው የቀረን፣ በጀቱን ገና አላየነውም፣ ይሄን ነጥብ ትተን ወደዛ እንሂድ?» ያለ ግን ውሳኔ ስር ይገባለታል። መብለጥ ያልከውም፣ አብዛኛው ቦታ ነጥብ የሚሰጠው ከመለኪያው ጋር ተያይቶ እንጂ ከጎንህ ካለው ልጅ ጋር አይደለም። ስድስቱም የሚያልፉበት፣ ስድስቱም የሚወድቁበት ቀን አለ።

ጋሽ ወልዴ
ልጄ አይዞሽ። እኔም አውቶብስ ሹፌር ልሆን ስገባ እንዲህ ሰብስበው ፈትነውናል፣ የመንገድ ምልክቱን መጽሐፍ ሌሊት ሌሊት እያጠናሁ ነው ያለፍኩት። የድሮ ጥያቄዎች ካሉ ፈልጊና መልሱን በቃልሽ ያዢ። ሂሳብም ይጠይቃሉ። ዋናው ጥናት ነው።

ፀዳለ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ እርስዎ ያሉት ለኦንላይኑ ፈተና ልክ ነው፣ እሱን ሚሚ አልፋዋለች። የግሩፑ ላይ ግን ትክክለኛ የሚባል አንድ መልስ ብዙ ጊዜ የለውም፣ ለዛ ነው ሸምድዶ መግባት የማይረዳት። አለቃም አይሾሙም። ይሄ አሰራር በፈረንጅ 1942 የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሲመርጥ ያመጣው ነው፣ ሰዎቹን ያለ አለቃ አንድ ስራ ሰጥተው ማን ምን እንደሚያደርግ ቁጭ ብለው ያዩ ነበር፣ እስከ ዛሬ መሰረቱ እሱ ነው።

ሚሚ አንድ ምሳሌ ልስራልሽ፣ እኔ የፈጠርኩት ነው ግን እውነተኛዎቹም በጣም ይመስሉታል። አምስት ልጆች ናችሁ። አንድ የከተማ አስተዳደር 300 ሺህ ፓውንድ አለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። የወጣቶች ማዕከል 120 ሺህ፣ የአረጋውያን ሚኒባስ 80 ሺህ፣ የላይብረሪ እድሳት 90፣ የመንገድ መብራት 70፣ የኳስ ሜዳ 110። ለማንበብ አስር ደቂቃ፣ ለመወያየት ሰላሳ። ወረቀቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ ከታች፣ የሚኒባሱ 80 ሺህ በየዓመቱ የሚወጣ ነው ይላል፣ የሌሎቹ አንዴ ነው።

አንዱ ልጅ ገና እንደተጀመረ ወጣቶች ማዕከል ብሎ ይነሳል፣ ሌላዋ ሚኒባስና ላይብረሪ ትጨምራለች፣ ተደምሮ 290 ይመጣል፣ ቡድኑ ደስ ይለዋል። በ12ኛው ደቂቃ ያንቺ አይነት ልጅ ቀስ ብላ «ሚኒባሱ እኮ የየዓመት ወጪ ነው» ትላለች፣ ያ የመጀመሪያው ልጅ አፏ ላይ ተደርቦ ስለ ወጣቶች ይቀጥላል፣ እሷ ዝም ትላለች። እኔ ወረቀት ላይ የሚጻፈው፦ «12ኛ ደቂቃ፣ ሚኒባሱ የየዓመት ወጪ ነው አለች። ተቋረጠች። አልተመለሰችበትም።» መረጃውን ማግኘቷ ይያዝላታል ግን በቡድኑ ውሳኔ ላይ ምንም ስላልለወጠ ውሳኔ ላይ ከ3 በላይ መስጠት ይከብደኛል። ያቺው ልጅ በ16ኛው ደቂቃ «ቅድም ያልኩትን ልመልሰው፣ ገጽ ሁለት ላይ ሚኒባሱ በየዓመቱ ነው የሚለው፣ የኛ ገንዘብ ደግሞ የአንዴ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ከየት ይመጣል? በሱ ፈንታ መብራቱን ብናስገባ 280 ነው፣ አንተ ግን ስለ መብራቱ ምንም አላልክም፣ ምን ታስባለህ?» ብትል በአንድ ትንፋሽ ሶስት ባህሪ ነው የምጽፍላት። መረጃ ተጠቅማለች፣ አማራጭ አምጥታለች፣ ዝም ያለውን ልጅ አስገብታለች። 5 ወይ 6 እዛ ጋ ነው ያለው። ድምጿን ከፍ ማድረግ እንኳን አላስፈለጋትም።

ያ ተደርቦ የተናገረው ልጅ ደግሞ ብዙ አውርቷል፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። ግን ስመድበው ግማሹ «የራሱን ሃሳብ ደገመ»፣ «ሰው አቋረጠ» ነው፣ እነዚህ በመቀነስ በኩል ነው የሚጻፉት። ብዙ ተናግሮ ወድቆ የሚገረም ልጅ የሚበዛው ለዚህ ነው።

ሚሚ ከማንቸስተር
ፀዳልዬ በጣም ነው የማመሰግንሽ፣ አሁን ገባኝ። ግን ለእያንዳንዳችን የተለያየ ወረቀት ቢሰጡንስ፣ ማለት እኔ የላይብረሪውን እንድከራከር ቢያደርጉኝ እና ላይብረሪው ባይመረጥ ወደቅኩ ማለት ነው?

ፀዳለ
አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ያንቺ ፕሮጀክት ማሸነፉን ሳይሆን እንዴት እንደተከራከርሽለትና ሌላ የተሻለ ሲመጣ ምን እንዳደረግሽ ነው። በደንብ አቅርበሽው፣ ቁጥሩ ሲያሳይሽ ደግሞ «እሺ፣ በዚህ ምክንያት የኔን ልተወው» ብለሽ ምክንያቱን ከተናገርሽ ይቆጠርልሻል። ያለ ምክንያት ወዲያው መልቀቅ ግን አይቆጠርም። ለሽያጭ ስራ ከሆነ ማሳመንን ከፍ አድርገው የሚያዩ አሉ፣ ለዛ የጥሪ ደብዳቤውን አንብቢው፣ የሚለኩትን ባህሪ ብዙ ጊዜ በስም ይጽፉታል።

አበባ ከነታንያ
እዚህ እስራኤልም መርካዝ ሃአራኻ ይሉታል፣ የግሩፕ ዲናሚካ አለው። ልጄ ከሰራዊት ወጥታ ስራ ስትፈልግ ገብታበታለች። እቤት እኛ ትልቅ ሰው ሲናገር አትግቢ እያልን ነው ያሳደግናት፣ እዛ ደግሞ ሁሉም በአንድ ላይ ነው የሚናገረው፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። እሷ ያደረገችው፣ የሰውየውን ስም ጠርታ «አንተ ባልከው ላይ ልጨምር» እያለች ነበር የምትገባው፣ እንደዛ ስታደርግ ያቋረጠች አይመስላትም ነበር። ተቀብለዋታል፣ በዚህ ይሁን በሌላ ግን አላውቅም።

ሚሚ ከማንቸስተር
እትዬ አበባ ይሄንን እሞክረዋለሁ። ሌላው የሚያስፈራኝ አክሰንቴ ነው፣ እንግሊዝኛም ቶሎ አላነብም። ለማንበብ ተጨማሪ ሰዓት መጠየቅ ይቻላል?

ፀዳለ
አክሰንት መለኪያው ላይ የለም፣ ካልተሰማኝ ግን መጻፍ አልችልም፣ ስለዚህ ፍጥነትሽን ቀንሺ። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ዲስሌክሲያ ወይ ሌላ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው በፈረንጅ በ2010 በወጣው የእኩልነት ህግ ማስተካከያ የመጠየቅ መብት አለው፣ አስቀድሞ በኢሜይል መናገር ነው። ቋንቋው ሁለተኛ ስለሆነ ብቻ ግን ህጉ አያስገድዳቸውም። መጠየቁ አይጎዳም፣ እምቢ ሊሉሽ ግን ይችላሉ። አስሩን ደቂቃ ስታነቢ መጀመሪያ ቁጥሮቹንና ከታች በትንሹ የተጻፈውን እዪ፣ ታሪኩን በኋላ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ግሩፑ ቢበላሽብሽ ቀኑ አለቀ ብለሽ ተስፋ ቆርጠሽ ወደ ኢንተርቪው አትግቢ። በደንብ በተሰራ ቀን አንድ ባህሪ ቢያንስ በሁለት ቦታ ነው የሚለካው፣ ኢንተርቪው የሚያደርግሽም ሌላ አሰሰር እንዲሆን ይደረጋል፣ ግሩፑን ያላየ። ማታ ተሰብስበን ነው ሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን የምናየው።

ናቲ ለንደን
ፀዳለ ሰዓት መያዙን ተቀብያለሁ። ምሳ ላይስ? እኔ የሄድኩበት ቦታ ምሳ ላይ አብረውን የበሉት ወጣት ሰራተኞች በኋላ ተጠይቀዋል ብለውኛል።

ፀዳለ
እኛ ጋ ምሳ አይለካም፣ ወረቀትም ይዘን አንገባም። ሌላ ቦታ መደበኛ ባልሆነ መንገድ የሚጠይቁ አሉ ሲባል እኔም ሰምቻለሁ፣ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፣ ምክንያቱም ያ አስተያየት የትኛው ባህሪ ስር እንደሚገባ ማንም አልወሰነም። ሚሚ ጠዋት ሲቀበሉሽ ቀጥታ ጠይቂያቸው፣ ምሳ ይለካል ወይ በይ፣ ይነግሩሻል።

ናቲ ለንደን
እኔ እንኳን አልጠይቅም ነበር፣ ዝም ብዬ እንደሚለካ አድርጌ ነው የምበላው።

ሚሚ ከማንቸስተር
እኔ እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ነው፣ የሚሉኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።