ካርዱ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?

የስድስተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ነኝ። አንዱ ተማሪዬ ሒሳብ ከመቶ 38 አመጣ። መጀመሪያ «ሰነፍ ነው፣ ትኩረት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ለራሴም ደበረኝ። «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» ወደሚል ቀየርኩት። ይሄ ደግሞ ውሸት ነው፤ እናቱ ያለፈ ይመስላቸዋል።

ከዚያ ደብተሩን አገላበጥኩ። ማባዛቱ ልክ ነው። የሚሳሳተው ክፍልፋይ ላይ ነው፤ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ 1/2 + 1/3 = 2/5 ይላል። ከ10 የቤት ሥራ የሠራውም 4 ብቻ ነው።

አሁን የደረስኩበት ይሄ ነው፦ «38 ማለፊያ አይደለም። ማባዛት ይችላል፤ ክፍልፋይ መደመር ግን ይቀረዋል። የቤት ሥራውን ሳያጓድል ይሥራ።»

ካርዱን ለእናቱ የሚያነብላቸው ልጁ ራሱ ነው። ውጤቱን ሳልደብቅ፣ ጮክ ብሎ ሲያነበው እንዳይሸማቀቅ የቱን ቃል ልቀይር?