የሲሚንቶ ቴክኒካል መረጃና የፍተሻ ሰርተፊኬት እንዲላክልን ስለመጠየቅ

ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የምሠራ አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ። ከእናንተ የገዛሁት 200 ከረጢት ኦፒሲ ሲሚንቶ ሳይት ገብቷል። የኮለኑ ፌሮ ታስሯል፣ ፎርማውም ቆሟል። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ግን ያለ ሰርተፊኬት ሙሌት አልፈቅድም ብለው ሥራው ቆሟል።

ከሲሚንቶው ጋር የላካችሁልኝ ወረቀት የፒፒሲ 32.5 ነው። ከረጢቱ ላይ የታተመው ደግሞ ኦፒሲ 42.5 ይላል። ቁጥሩ የ28 ቀን ጥንካሬን በሜጋፓስካል ስለሚያሳይ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የድብልቅ መጠናችን የተሰላው በ42.5 ነው። ፒፒሲ ደግሞ ፖዞላና ስላለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ፎርማ የምንፈታበትን ቀን ሳይቀር ይለውጥብናል።

ስለዚህ እባካችሁ የኦፒሲውን ቴክኒካል ዳታ ሺት፣ እንዲሁም ከረጢቱ ላይ ካለው የምርት ቀንና የባች ቁጥር ጋር የሚገጥም የፋብሪካ ሰርተፊኬት ላኩልኝ። የከረጢቱን ፎቶ አያይዣለሁ፤ ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል። ሰርተፊኬቱ ላይ የመጨበጫ ጊዜው፣ የማበጥ ፍተሻውና የ2 ቀን ጥንካሬው ቢኖር ይበቃናል። ሲሚንቶው አዲስ ስለሆነ የ28 ቀኑ ውጤት ገና እንዳልደረሰ ይገባኛል። መሐንዲሱም የቀደመውን ባች የ28 ቀን ውጤት ለጊዜው አይተው፣ የዚህኛውን ሲደርስ እንደሚቀበሉ ነግረውኛል።

ፋብሪካው ማኅተም ያደረገበትን ቅጂ በቴሌግራም ብትልኩልኝ ዋናውን ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር