ለዘገየው የመስኮት ገጣሚ ምን ብዬ ልጻፍለት?

ሰላም፣ እባካችሁ አንዴ እዩልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ጂ+4 ሕንጻ ሳይት መሐንዲስ ነኝ። የአልሙኒየም ንዑስ ተቋራጫችን 18 ቀን ዘግይቷል። ከ96 መስኮት የገጠመው 40 ብቻ ነው። ስደውልለት መልሱ ሁሌ «ነገ» ነው። ውሉ 2,400,000 ብር ሲሆን ቅጣቱ በቀን 0.1 በመቶ ነው፤ በቀን 2,400 ብር ማለት ነው። ጣሪያው 10 በመቶ።

ግን እውነቱን ለመናገር 5ቱ ቀን የእኛ ጥፋት ነው። ልስኑን አዘግይተንበታል። ስለዚህ የ13 ቀኑን፣ 31,200 ብር ብቻ ላስብበት ብያለሁ።

ረቂቄ ይኸው፦

«አሁን አንድ ቡድን በቀን 2 መስኮት እየገጠመ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሁለተኛ ቡድን ቢያስገቡ ቀሪው 56 መስኮት በ14 የሥራ ቀን ያልቃል። የመስታወቱን መድረሻ ቀን እስከ ነገ ማታ በጽሑፍ ያሳውቁን። ይህ ዕቅድ የውሉን ጊዜ አያራዝምም፤ የመዘግየት ቅጣቱም እንደተጠበቀ ነው።»

የቸገረችኝ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ካወጣኋት አዲስ ቀን የሰጠሁት ይመስላል። ከተውኳት ደግሞ ሰውዬው ተናዶ ሠራተኞቹን ይዞ እንዳይወጣ ፈራሁ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፏታላችሁ? ቅጣቱንስ ከሚቀጥለው ክፍያ ልቁረጥ ወይስ መጨረሻ ላይ?