የሥራ ክርክር ውሳኔን በአንድ ገጽ የሚጽፍ ማንን ትጠቁማላችሁ?

ጠያቂ፦ በአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሥራ ክርክር ችሎት የሰጠውን ረጅም ውሳኔ ባለቤቱም የተሰናበተው ሠራተኛም ባጭሩ እንዲያገኙት ይፈልጋሉ። በፍርድ ቤት ደጅ ያሉት ማመልከቻ ጻፊዎች ይበቃሉ ወይስ ጠበቃ ልያዝ?

ጠበቃ ነኝ፦ ማመልከቻ ጻፊዎቹ ፈጣንና ርካሽ ናቸው፤ ካየኋቸው ማጠቃለያዎች አብዛኞቹ ግን የሚከፈለውን ድምር ብቻ ይዘው ያልፋሉ። ማንንም ቢመርጡ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከነምክንያቱና ከውጤቱ ጋር መጻፉን፣ ውድቅ የተደረገውም ጭምር መግባቱን ያረጋግጡ። በምሳሌ ላስረዳ። የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ፣ አራት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ አምስት ቀን ቀርቷል ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ተሰናበተ፤ ወደ ሥራ መመለስንና የቆየ የትርፍ ሰዓት ክፍያን ጠየቀ። ችሎቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ቢልም፣ ግንኙነቱ በመሻከሩ ወደ ሥራ መመለሱን ትቶ ካሳ ወሰነ፦ የ180 ቀን ደመወዝ 54,000 ብር፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 18,000 ብር፣ የሥራ ስንብት ክፍያ 18,000 ብር፣ በድምሩ 90,000 ብር። የትርፍ ሰዓቱ ጥያቄ ግን ክፍያው ከሚጠየቅበት ቀን አንሥቶ ስድስት ወር በማለፉ በይርጋ ታገደ። ሠራተኛው ይህን ምክንያት ካላነበበ ችሎቱ ጥያቄውን የረሳው ይመስለዋል። አሠሪው ደግሞ የይግባኙ 30 ቀን መቼ እንደሚያበቃ በገጹ ላይ ማየት አለበት።

የሰው ሀብት ኃላፊ፦ አምስት ቀን መቅረት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለምን? ችሎቱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

ጠበቃው፦ የቀኑን ቁጥር ትክክል ብለዋል፤ ነገር ግን መቅረቱ በስድስት ወር ውስጥ ሆኖ፣ ሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው መሆን አለበት። በምሳሌው ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልቀረበም፤ ጉዳዩን የወሰነውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ በማጠቃለያው ራሱን የቻለ አንቀጽ ሊሰጠው ይገባል።

አንዲት እናት፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሆነው ልጄ ከሥራ ተሰናብቷል፤ እርሱስ 180 ቀን ያገኛል?

ጠበቃው፦ እናቴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይዳኝም። ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ማመልከት ይኖርበታል፤ ጊዜ እንዳያልፍበት ዛሬውኑ ይጠይቅ።

የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ፦ ማኅበር ላለው ሠራተኛ እኛ ያለ ክፍያ እንጽፋለን፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ይረዳሉ። ቢሆንም እኛ የሠራተኛው ወገን ነን፣ ባለቤቱ ላያምነን ይችላል። ለሁለቱም የሚሆን ጽሑፍ ከተፈለገ በክርክሩ ያልነበረ ጠበቃ ይሻላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የቀን ደመወዙ በ30 ሳይሆን በ26 ተካፍሎ ቢሆን ካሳው ይጨምራል።

ጠበቃው፦ በዚህ ላይ አሁንም የምንከራከር አለን። ማጠቃለያ ጸሐፊው ግን የራሱን አካፋይ ሊያስገባ አይገባም፤ ችሎቱ የተጠቀመበትን ስሌት እንዳለ ይገልብጥ፣ የቁጥር ስህተት ካለም ያው ችሎት እንዲያርመው ይመልከት።