አንደኛ ክፍል ላይ ከመደመር በፊት ናምበር ቦንድ፦ ያስፈልጋል ወይስ ጊዜ መግደል ነው?

የሶሊ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አንደኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ከተጀመረ ጀምሮ 5ን፣ 6ን፣ 7ን ሲከፋፍሉ ነው የሚውሉት፣ የመደመር ምልክት ደብተሯ ላይ እስካሁን የለም። ሌላ ትምህርት ቤት የሚማረው የጎረቤቴ ልጅ ባለ ሁለት ቤት ቁጥር ይደምራል። ናምበር ቦንድ የሚሉት ነገር፣ ማለት አንዱን ቁጥር 7ን ለምሳሌ 3 እና 4፣ 5 እና 2 እያሉ በሁለት መክፈል፣ ለምንድነው የሚቀድመው? ክፍል ውስጥስ እንዴት ነው የሚያሳዩት? መምህራን ካላችሁ ንገሩኝ።

የቢኒ አባት፦ እኔን ከጠየቅሽኝ ጊዜ መግደል ነው። እኛ ጣታችንን ቆጥረን ነው የተማርነው፣ ማን ቦንድ ምናምን አለን? ቢኒ ኬጂ 3 እያለ ነው 27 ሲደመር 15 ወደ ታች አስቀምጦ 2 ጽፎ 1 በእጄ እያለ የሠራው። ለዚህ ነው የምንከፍለው፣ ቆርኪ ለመበተን አይደለም።

መምህርት ዘ፦ የቢኒ አባት፣ ዛሬ ማታ ወረቀትና እርሳስ ሳይሰጡት 8 ሲደመር 5 ስንት ነው ይበሉትና መልሱን ሳይሆን ጣቱንና ከንፈሩን ይዩ። ገና የጀመረ ልጅ 8 ጣት ያወጣል 5 ይጨምራል (ጣት ያልቅበታል እሱ ሌላ ጣጣ ነው) ከዛ ሁሉንም ከ1 ጀምሮ ይቆጥራል። ትንሽ ሻል ያለው 8ን በልቡ ይዞ 9፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13 ይላል። ስህተቱ በብዛት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ 8ን ራሱን አንደኛ ጣት አድርጎ 8፣ 9፣ 10፣ 11፣ 12 ብሎ 12 የሚል ልጅ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አለ። የልጅ መልስ ሁልጊዜ በአንድ የሚያንስ ከሆነ ግዴለሽ ስለሆነ አይደለም፣ ከየት መቁጠር እንደሚጀምር ስላልገባው ነው።

ቦንድ ያወቀ ልጅ ግን አይቆጥርም። 8 አሥር ለመሙላት 2 እንደሚጎድለው ያውቃል፣ 5 ደግሞ 2 እና 3 እንደሆነ ያውቃል፣ 2ቱን ለ8 ይሰጥና አሥርና ሦስት፣ 13 ይላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት ቦንድ አለ፣ የ10 እና የ5። እነሱን በእጁ ሳይዝ «አሥር ሙላ» ብትሉት ምን እንዳላችሁት እንኳን አይገባውም። የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ጋሽ ታዴ፦ ይሄማ ድሮም የነበረ ነው፣ ስሙን ነው ያሳመሩት። የማባዛት ሰንጠረዥ በቃላችን አጥንተን የለ? የመደመሩንም እንደዛው ጠዋት ጠዋት ያዚሙት፣ 3 ሲደመር 4 ሰባት፣ 3 ሲደመር 5 ስምንት እያሉ፣ በአንድ ወር ያልቃል።

መምህርት ዘ፦ ጋሽ ታዴ በግማሹ ልክ ኖት፣ መጨረሻ ላይ በቃል መታወቁ አይቀርም፣ የግድም ነው። ችግሩ በዜማ ብቻ የገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መውጣቱ ነው። «3 ሲደመር 4» ሲሉት ሳይተነፍስ ሰባት የሚል ልጅ ፊት 7 ቆርኪ አስቀምጡ፣ አብራችሁ ቁጠሩ፣ ከዛ 4ቱን በኩባያ ክደኑና «ስንት ተደበቀ?» በሉት። ብዙው ጊዜ ከውጭ ያሉትን 3 ቆጥሮ ዝም ይላል፣ ወይ ዝም ብሎ ይገምታል። ዜማው «7 ውስጥ 3 ካለ የቀረው ምንድነው» የሚለውን አላስተማረውም። እሱን የማያውቅ ልጅ ደግሞ መቀነስ ላይ ሲደርስ እንደ አዲስ ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ልጄ ይዞት የሚመጣው የቤት ሥራ ሦስት ክብ ነው፣ አንዱ ላይ 7 ሁለቱ ላይ ክፍሎቹ፣ መጀመሪያ ሳየው ሥዕል መስሎኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ምልክቱን አያዘገዩትም። ሜሪላንድ የሚሠራበት የኬጂ መለኪያ ልጁ እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች በተለያየ መንገድ ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንዲከፍል ይልና በሥዕል ወይም በእኩልታ ይመዝግብ ይላል፣ ምሳሌው ራሱ 5 = 2 + 3 እና 5 = 4 + 1 ነው። ማለት ቦንዱና ምልክቱ አብረው ይሄዳሉ። መምህርት «ይቀድማል» ስትይ ያ ትንሽ የተጋነነ አይመስልሽም?

መምህርት ዘ፦ ጥሩ አነሳሽው። ግን ምሳሌውን እይው፣ 5 ቀድሞ ነው የተጻፈው። 2 + 3 = አይልም። ምልክቱ እዛ ጋ «ሥራ» እያለ ሳይሆን ልጁ በእጁ የያዘውን እየመዘገበ ነው። እኛ ጋ የሚሆነው ግልባጩ ነው፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት 2 + 3 = ሰሌዳ ላይ ይወጣና ልጁ = የሚለውን «መልሱን እዚህ ጻፍ» ብሎ ይይዘዋል። ማረጋገጥ የፈለገ 8 + 4 = ☐ + 5 ጽፎ ይስጥ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለትልቋ ሰጠኋት፣ 12 ብላ ጻፈች 😅 ሦስተኛ ክፍል ናት እኮ።

መምህርት ዘ፦ 12 የሚለው በጣም የታወቀ መልስ ነው፣ መሆን ያለበት 7 ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ 5ንም ጨምሮ 17 ይላል።

ሌላው ደግሞ እንዳይምታታ፣ መደመር ራሱ ይዘግይ አላልኩም። «ሦስት ብርቱካን አለህ፣ እማማ ሁለት ጨመሩልህ» ብትሉት የአራት ዓመት ልጅም ዕቃውን ሰብስቦ ቆጥሮ ይመልሳል፣ ቦንድ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ታሪክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነገር። እኔ ይዘግይ የምለው በምልክት የተጻፈ የጥያቄ ገጽና ወደ ታች ማስቀመጥ ነው።

የቢኒ አባት፦ ሞከርኩት። 13 አለ፣ ልክ ነው። አዎ ጠረጴዛ ስር ጣቱን ሲያንቀሳቅስ አይቻለሁ። እና ምን ይሁን? መልሱ ልክ ነው።

መምህርት ዘ፦ ለ8 ሲደመር 5 ምንም አይደለም። አሁን 13 ሲቀነስ 8 ይበሉት። ወደ ኋላ ሲቆጥር 13ን ራሱን አንድ ብሎ ከጀመረ 13፣ 12፣ 11፣ 10፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6 ብሎ 6 ላይ ይቆማል። 13ን 10 እና 3 አድርጎ የሚያይ ልጅ ከ10ሩ 8 ያነሳል፣ 2 ይቀራል፣ ከ3ቱ ጋር 5። ባለ ሁለት ቤት ላይ ደግሞ በየቤቱ ጣት መቁጠር ካለበት ሐሳቡ ቆጠራው ላይ ያልቅና በእጅ ያለችውን 1 ይረሳታል። 27 እና 15 ደምሮ 312 የሚጽፍ ልጅ ደብተር ስንት ጊዜ አርሜያለሁ፣ 7 እና 5 12፣ 2 እና 1 3፣ ጎን ለጎን ደርድሮ ጨርሷል። የሚገርመው 312 ከሁለቱም ቁጥሮች በብዙ እንደሚበልጥ አይሸተውም።

የገጠር መምህር፦ ወሬው ጥሩ ነው ግን እኔ አንደኛ ክፍል ከ60 በላይ ልጅ ይዤ በፈረቃ ነው የማስተምረው። ለማን ኩባያ ልክደን? ለማን ቆርኪ ላድል? ይሄ 25 ልጅ ላላቸው የተጻፈ ነው።

መምህርት ዘ፦ ወንድሜ እኔም ብዙ ልጅ ይዤ አውቃለሁ፣ የምሠራውን ልንገርህ። የሶሊ እናትም ክፍል ውስጥ እንዴት ነው ብለሽ ነበር፣ ይኸው።

ሰባት ልጆች ፊት ይወጣሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ይቆጥራቸዋል። ሁለት ልጆች ጋቢ ወጥረው ይይዛሉ። «ዓይን ጨፍኑ» ትልና አራቱን ከጋቢው ኋላ ትልካለህ። ሲገልጡ ሦስት ይታያሉ። ማንም አይጮህም፣ «አሳዩ» ስትል ሁሉም የተደበቁትን ቁጥር በጣቱ ደረቱ ላይ ያሳያል። ስድሳውን ልጅ በአንድ ጊዜ አነበብክ ማለት ነው። ወዲያው ያሳየ ያውቃል፣ ወደ ጎረቤቱ ያየ አያውቅም፣ ጣቱን በአገጩ እየነካ የቆጠረ መንገድ ላይ ነው። ከዛ ጋቢው ይወርዳል፣ ይቆጠራል፣ ሰሌዳው ላይ 7 ከላይ፣ 3 እና 4 ከሥር በመስመር ተያይዘው ይጻፋሉ። ምልክት የለም። ከዛ ሰባቱን ሳትቀይር ሌላ ክፍል፣ 5 እና 2፣ 6 እና 1። ዋናው ቁጥር እንዳይቀየር ብቻ ተጠንቀቅ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ 5፣ 6፣ 7 ከቀላቀልክ ልጁ ሙሉው ቁጥር እንደማይለወጥ አያይም፣ ዝም ብሎ የጨዋታ መልስ ይሆንበታል።

ለ10 ደግሞ የእንቁላል ትሪ ለምነህ አምጣ። የተለመደው ባለ 30 ነው፣ 5 በ6፣ በየሁለት ረድፉ ስትቆርጠው ሦስት ባለ አሥር ጉድጓድ ይወጣል፣ እያንዳንዱ 5 በ2። 8 ቆርኪ ሲገባበት ባዶ የቀሩት 2 ጉድጓዶች ራሳቸው ይናገራሉ። ለአንድ ወንበር አንድ ከደረሰ ይበቃል። ምልክቱን የማመጣው ልጆቹ የ5ን ጥንዶች በሙሉ ሳይቆጥሩ ሲያሳዩ ነው፣ ያኔ 5 = 3 + 2 ብዬ፣ ቀጥዬ 3 + 2 = 5፣ ቀጥዬ 5 − 3 = 2፣ ከዚያችው ከአንዷ ሥዕል።

የገጠር መምህር፦ ጋቢዋን እሞክራለሁ። ግን «በሙሉ ሳይቆጥሩ ሲያሳዩ» ያልሽው አይዋጥልኝም። ግማሹ በሳምንት ይይዛል፣ አሥራ አምስቱ ገና ሰባት ዕቃ ሳይሳሳቱ አይቆጥሩም፣ አንዱን ሁለቴ ይነካሉ። እነሱን ስጠብቅ ሌላው ይሰለቻል፣ መጽሐፉም አያልቅም።

መምህርት ዘ፦ እነዛ አሥራ አምስቱ ለ7 ገና ናቸው፣ በ4 ይጀምሩ፣ እስከ 4 ድረስ ሳይቆጥሩ በዓይን ይለያሉ። ሌላውን ወደፊት ውሰድ። ሁሉንም አንድ ላይ ማድረስ ለኔም አልሆነልኝም፣ የሶሊ መምህርትም 7 ላይ ይሄን ያህል የቆየችው ሁሉንም ልታደርስ ብላ ከሆነ እኔ አልስማማም፣ የ5 ጥንድ በእጃቸው ከገባ ምልክቱን ማስገባት ትችል ነበር።

ጋሽ ታዴ፦ እኔ አሁንም ዜማው አብሮ ይሂድ ባይ ነኝ። ጋቢው ከወረደ በኋላ «ሰባት፣ ሦስትና አራት» ብለው አንድ ላይ ቢሉት ምን ይጎዳል?

መምህርት ዘ፦ እንደዛ ከሆነ ምንም አይጎዳም ጋሽዬ፣ ሙሉው ቀድሞ መጠራቱ እንዲያውም ጥሩ ነው።

የሶሊ እናት፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቤት በሽምብራ ሞከርኩ፣ የ5ቱን ቶሎ ትላለች፣ የ7ቱን 3 እና 4 ላይ ትቆጥራለች። አንድ ብቻ ልጠይቅ፣ ሰባቱንም ደብቄ «ስንት ተደበቀ» ስላት «ይሄ አይቆጠርም» አለችኝ። 7 እና 0 ጥንድ ነው?

የቢኒ አባት፦ ይኸው፣ ልጅቷ ራሷ ገብቷታል 😂

መምህርት ዘ፦ ጥንድ ነው። ባዶ እጅሽን ዘርግተሽ አሳያት፣ «እዚህ ስንት አለ?» ብለሽ ጠይቂያት፣ ዜሮ እስክትል ጠብቂ እንጂ አንቺ አትበያት። በኋላ 7 ሲቀነስ 7 ሲመጣ ትፈልገዋለች።

የገጠር መምህር፦ እኔ ዜሮውን እስከ መጨረሻ አላስገባውም፣ ያምታታቸዋል።

መምህርት ዘ፦ እኔ ቶሎ ነው የማስገባው፣ ጋቢው ኋላ ሰባቱም ሲገቡ ክፍሉ በሳቅ ነው የሚሞተው።