ጊት ወይስ ኤስ.ቪ.ኤን? ለአምስት ልጆች የመጀመሪያ ፕሮጀክት

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የመመረቂያ ፕሮጀክት ልንጀምር ነው፤ አምስት ነን። እስካሁን ኮድ የምንለዋወጠው ዚፕ እያደረግን በቴሌግራም ነው። አማካሪያችን ኤስ.ቪ.ኤን ተጠቀሙ አሉን፣ ጓደኞቼ ደግሞ ጊት ይላሉ። ሁለቱም የኮድ ለውጥን ከነታሪኩ የሚይዙ ፕሮግራሞች ናቸው አሉ። ደህና ኢንተርኔት ያለው ላይብረሪ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ዲዛይኑን የሚሠራው በፎቶሾፕ ነው። የቱን እንያዝ?

የማታ ተማሪ፦ ጊት ነው፣ ምን ያከራክራል! ኤስ.ቪ.ኤን ሰርቨሩ ከተበላሸ ታሪኩ ሁሉ አለቀ። ጊት ግን በየላፕቶፑ ሙሉ ታሪኩ ስላለ ምንም ነገር አይጠፋም። ኤስ.ቪ.ኤን ደግሞ ኢንተርኔት ከሌለ ምንም አያሠራም።

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ግማሹ ልክ ነው። ኤስ.ቪ.ኤን ያለ ኔትወርክም የተወሰነ ያሠራል። መጨረሻ ያወረድሽውን ንጹህ ቅጂ ፎልደሩ ውስጥ ደብቆ ስለሚይዝ፣ `svn diff` ምን እንደቀየርሽ ያሳይሻል፤ `svn revert` ወደ ነበረበት ይመልስልሻል። የማይሆነው ሥራሽን የሚያስገባው `svn commit` እና ታሪኩን የሚያሳየው `svn log` ነው፤ ሁለቱም ሰርቨሩን ይፈልጋሉ።

«ምንም አይጠፋም» የሚለውን ግን እንዳታምኑት። ጊት ላይ ኮሚት ያደረግሽው ፑሽ አድርገሽ ወደ ጋራው ቦታ እስክትልኪው ድረስ ያለው አንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ተማሪ እያለሁ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ላፕቶፑን ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ኮሚት ያደርግ ነበር፤ አንድም ቀን ግን ፑሽ አላደረገም። ሥራው ከላፕቶፑ ጋር ሄደ።

የማታ ተማሪ፦ እሺ፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን ጊት ይሻላል የሚለው አይቀየርም አይደል?

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ለእነሱ አዎ፣ ግን ምክንያቴ ሌላ ነው። ዋናው ልዩነት የሚታየው ሁለት ሰው አንድ ፋይል ሲነካ ነው። `login.php` ላይ አንቺና አንድ ጓደኛሽ ሠራችሁ እንበል። እሱ ቀድሞ አስገባ። አንቺ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ሁለት መቶ መስመር ጽፈሽ ጨርሰሻል፣ ኮድሽም ይሠራል።

ኤስ.ቪ.ኤን ላይ ኮሚት ስትይ ፋይልሽ አርጅቷል ብሎ ይመልስሻል። `svn update` ማለት ግድ ነው። ያኔ የእሱ ለውጥ ገና ካላስቀመጥሽው ሥራሽ ጋር እዚያው ይቀላቀላል። ሁለታችሁም አንድ መስመር ከነካችሁ ኮንፍሊክት ይላል፤ የአንቺንም በ`.mine` ፋይል ለብቻ ያስቀምጥልሻል፣ ያ ደህና ነው። የሚያስፈራው ያለ ኮንፍሊክት ሲቀላቀል ነው። ምንም አይልሽም፣ ኮዱ ግን መሥራት አቆመ። ከደቂቃ በፊት ይሠራ የነበረው ኮድሽ አሁን የትም የለም። ሰርቨሩ ላይ አልገባም፣ ላፕቶፕሽ ላይም ተቀይጧል።

ጊት ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ኮሚት፣ ከዚያ መርጅ፣ ማለትም መቀላቀል። የራስሽ ሥራ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። መርጁ ካላማረሽ ወደ እሱ ትመለሻለሽ፦

```
git merge --abort
git reset --hard ORIG_HEAD
```

የመጀመሪያው መርጁ ገና ሳያልቅ፣ ሁለተኛው ካለቀ በኋላ ነው። ሁለተኛውን መርጁ እንዳለቀ ወዲያው ነው የምትጠቀሚበት፤ ከመርጁ በኋላ ሌላ ነገር ከጻፍሽ እሱንም ያጠፋብሻል።

የላብ ረዳት፦ ኤስ.ቪ.ኤን ላይም የራስን ብራንች፣ ማለትም ለብቻ የሚሄድ የሥራ መስመር፣ ከፍቶ መጀመሪያ እዚያ ማስገባት ይቻላል።

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ይቻላል፣ ልክ ነህ። ግን ለዚያም ሰርቨሩን ማግኘት አለብህ። እነሱ ደግሞ ማታ ዶርም ውስጥ ናቸው።

የላብ ረዳት፦ እኔ አማካሪያቸው ለምን እንዲያ እንዳሉ ይገባኛል። ተማሪዎችን በየሴሚስተሩ አያለሁ። ኤስ.ቪ.ኤን ሦስት ትእዛዝ ነው፦ ማውረድ፣ ማደስ፣ ማስገባት። ሌላው ቀርቶ የየቅጂው ተራ ቁጥር ይገባቸዋል፤ «41ኛው ላይ ይሠራ ነበር፣ 42ኛው ላይ ተበላሸ» ይላሉ። ጊት የያዙት ግን ፑሽ ሲያደርጉ አልቀበልም ይላቸውና ሁሌ እዚህ ጋ ይቆማሉ፦

```
! [rejected]  main -> main (fetch first)
```

ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጉና በግድ የሚልከውን `git push --force` ያገኛሉ። ይጽፉታል። የጓደኛቸው ሥራ ከጋራው ቦታ ይጠፋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

የማታ ተማሪ፦ እኔም ደርሶብኛል! የሚገርመኝ እኔ የነካሁት `style.css`ን ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ `login.php`ን። ፋይላችን አይገናኝም። ጊት ለምን እምቢ ይላል?

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤስ.ቪ.ኤን የሚያየው ፋይል በፋይል ነው። የነካሽው ፋይል ካላረጀ ይቀበላል። ጊት ግን ሙሉ ፕሮጀክቱን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያየው። ሌላ ሰው ማንኛውንም ነገር ካስገባ፣ መጀመሪያ እሱን አምጪ ይላል።

የኤስ.ቪ.ኤን ይቀላል፣ ግን ዋጋ አለው። አንዱ ልጅ `db.php` ውስጥ የአንድ ፈንክሽን ስም ቀየረ። አንቺ በዚያው ሰዓት በ`report.php` በአሮጌው ስም ጠራሽው። ሁለታችሁም ጋ ይሠራል። ሁለታችሁም ታስገባላችሁ፣ ሁለቱንም ይቀበላል። አሁን ሰርቨሩ ላይ ያለው ማንም ላፕቶፕ ላይ ኖሮ የማያውቅ ቅይጥ ነው። ይሠራል ወይ? አይሠራም። የሚታወቀውም ሦስተኛው ልጅ ጠዋት ሲያወርደው ነው። ጊት ከመላክሽ በፊት ሁለቱን አንድ ላይ ላፕቶፕሽ ላይ እንድታገኚ ያስገድድሻል። መሞከሩ ግን የራስሽ ሥራ ነው፤ ያንን አያስገድድም።

ስለ `--force` ግን ከላብ ረዳቱ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የጋራው ሪፖ፣ ማለትም ኮዱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማከማቻ፣ ውስጥ ሆኖ መከልከል ይቻላል፦

```
git config receive.denyNonFastForwards true
```

ተሳስቶ ያጠፋ ካለም አትደንግጡ። ሥራው የጠፋበት ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሙሉው አለ። ፑል አድርጎ እዚያ ያለውን ያመጣል፣ መልሶ ፑሽ ያደርጋል።

ገና ጀማሪ፦ ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ጊትሃብ ራሱ ሰርቨር አይደል እንዴ? ሁሉም እዚያ ካስቀመጠ በየላፕቶፑ የተከፋፈለው ምኑ ነው?

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ጊትና ጊትሃብ አንድ አይደሉም። ጊት ላፕቶፕሽ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ጊትሃብ ሪፖ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ነው። ግን ያልሽው ውስጥ እውነት አለ። ሁሉም ቡድን አንድ የጋራ ቦታ ይመርጣል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በፈረንጆቹ 2005 ሚያዝያ አካባቢ የጀመረው፣ የሊኑክስ ሰዎች ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም በነጻ መሰጠቱ ሲቆም ነው። ዛሬም ሊኑክስ ላይ የእሱ ሪፖ እንደ ማዕከል ይታያል። ማዕከል ያደረገው ግን የሰዎቹ ስምምነት ነው። ቦታውን ነገ መቀየር ይቻላል።

የቡድኑ አስተባባሪ፦ እንግዲያው የእኛ ማዕከል የግድ ኢንተርኔት ላይ መሆን የለበትም ማለት ነው?

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ በፍጹም የለበትም። ፍላሽ ይበቃል። ፍላሹ `E:` ላይ ከሆነ፣ `main` ብራንች ላይ ኮሚት ያደረግሽበት ፎልደር ውስጥ ሆነሽ፦

```
git init --bare -b main E:/project.git
git remote add flash E:/project.git
git push flash main
```

`-b main` የሚለውን አትርሺ። ካልጻፍሽው ፍላሹ ሌላ ብራንች ሊጠብቅ ይችላል፤ ጓደኛሽ ሲያወርድ ባዶ ፎልደር ያገኛል። ዊንዶውስ ላይ `dubious ownership` የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ፍላሾች ፋይሉ የማን እንደሆነ ስለማይመዘግቡ ነው። መልእክቱ ራሱ የሚጻፈውን ትእዛዝ ያሳይሻል፤ `safe.directory` የሚል አለበት።

ቴሌግራሙንም መተው አያስፈልግም። ዚፕ ከመላክ ይህንን ላኩ፦

```
git bundle create sira.bundle main
```

የተቀበለው ልጅ ፋይሉን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና `git pull --no-rebase sira.bundle main` ይላል። ከነታሪኩ ይገባል፣ በትክክልም መርጅ ይሆናል። ዚፕ ይህን አያደርግም፤ ዚፕ የጓደኛን ሥራ በላዩ ጽፎ ያጠፋል።

ድራፍቲንግ ቤት፦ ልጆቼ፣ የፎቶሾፑን ነገር ዘነጋችሁት። እኔ የሕንፃ ሥዕል ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ኤስ.ቪ.ኤን ለዓመታት ተጠቅመናል። ሁለት ሰው አንድ ፕላን ከነካ የሚያዋህድ ማሽን የለም፤ የአንዱ ድካም ይጣላል። ስለዚህ `svn lock` እንላለን። ፋይሉ ተይዟል ሲል ሌላው ሌላ ሥራ ይይዛል። ይህ ካልኖረ እኛ ቤት በየሳምንቱ ጠብ ነበር።

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። ጊት ላይ ይህ ደካማው ጎን ነው። ሌላም ይጨመርበታል። 80 ሜጋባይት የሆነ የፎቶሾፕ ፋይል 20 ጊዜ ተቀይሮ ከገባ፣ እንዲህ ያለ ፋይል ብዙም ስለማይታመቅ ሪፖው ወደ 1.6 ጊጋባይት ሊጠጋ ይችላል። ሪፖውን የሚያወርድ ሁሉ ያንን ሁሉ ይጎትታል። ኤስ.ቪ.ኤን ላይ የሚወርደው የመጨረሻው ብቻ ነው። ጊትሃብ ደግሞ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

የማታ ተማሪ፦ ትልልቅ ፋይል የሚይዝ ጊት ኤል.ኤፍ.ኤስ አለ እኮ፣ መቆለፊያም አለው።

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ አለው፣ ግን መቆለፊያው ሰርቨር ይፈልጋል። ፍላሽ ላይ አይሆንም። ለአምስት ሰው እኔ የምለው፣ የፎቶሾፑ ፋይል ከሪፖው ውጭ ይሁን፤ የወጣው ምስል ብቻ ይግባ። ያንን ፋይል የሚነካው አንድ ልጅ ብቻ ስለሆነ ቁልፍም አያስፈልግም።

ድራፍቲንግ ቤት፦ በዚህስ አልስማማም። ከሁለት ወር በኋላ «ይህ ምስል ከየትኛው ፋይል ወጣ?» ሲባል ማን ይመልሳል? እናት ፋይሉ ከልጁ ተለይቶ ሲኖር መጨረሻው አያምርም። እኔ ብሆን ኮዱን በጊት፣ ሥዕሉን በኤስ.ቪ.ኤን አደርግ ነበር።

የላብ ረዳት፦ ለጀማሪ ሁለት መሣሪያ? ጋሼ፣ አንዱንም በቅጡ ሳይይዙት ሴሚስተሩ ያልቃል።

የቡድኑ አስተባባሪ፦ የዲዛይኑን ልጅ አናግሬዋለሁ፤ ገና አልወሰንንም። ለኮዱ ግን ነገ በፍላሽ እንሞክራለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ፍላሹ ቢጠፋስ?

ሰባት ዓመት ኮድ ላይ፦ ሌላ ፍላሽ ትገዢና እነዚያኑ ሦስት መስመሮች ትጽፊያለሽ። `flash` የሚለው ስም ቀድሞ ስላለ ሁለተኛው መስመር ላይ `add` የነበረውን `set-url` አድርጊው። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ፑል፣ ቀጥሎ ፑሽ ያድርግ። የሚጎድለው ማንም ላፕቶፕ ላይ የሌለ ነገር ብቻ ነው። ላይብረሪ ስትገቡ ደግሞ ፍላሹ ላይ ያለውን ጊትሃብ ላይ ወዳለ የግል ሪፖም ላኩት፤ ያን ያህል ኢንተርኔት አይበላም።