መመሪያው «ይጸድቃል» ይላል፤ ማን እንደሚያጸድቅ ግን የለም፦ ፍሎውቻርት ላይ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል እሠራለሁ። አዲስ ሠራተኛ ቶሎ እንዲገባው የንብረት አወጣጥ መመሪያችንን ወደ አንድ ገጽ ፍሎውቻርት እየቀየርኩ ነው። ለየእርምጃው ማን እንደሚሠራው፣ ምን እንደሚሠራና የትኛውን ቅጽ እንደሚጠቀም እጽፋለሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነው፤ ጠያቂው የዕቃ መጠየቂያ ቅጹን፣ ሞዴል 20ን፣ ይሞላል። መጨረሻውም ግልጽ ነው። የግምጃ ቤት ሠራተኛው በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ያስረክባል፣ ተረካቢው ይፈርማል።

ያስቸገረኝ መሃሉ ነው። «ጥያቄው ተጣርቶ ሲጸድቅ ዕቃው ወጪ ይደረጋል» ይላል። ማን ያጣራል? ማንስ ያጸድቃል? በተግባር የጠያቂው ክፍል ኃላፊ ፈርሞበት ወደ ንብረት አስተዳደር ይመጣል። ይህን ብጽፍ ግን ልማዱን እንጂ መመሪያውን አልሳልኩም። ነገ ኦዲተር ቢጠይቅ ምን ልመልስ ነው?

ሌላም አለ። 10 እሽግ ወረቀት ተጠይቆ 6 ብቻ ቢገኝ መመሪያው ዝም ነው። ለጊዜው «ዕቃው በበቂ መጠን አለ?» የሚል የውሳኔ ሳጥን አስገብቼ፣ ከ«የለም» የሚወጣውን ቀስት መድረሻ አልሰጠሁትም።

እናንተ ባለቤት የሌለውን እርምጃ እንዴት ነው የምታሳዩት? በጥያቄ ምልክት ትታችሁ ኃላፊ እንዲወስን ታደርጋላችሁ ወይስ የተለመደውን በተቆራረጠ መስመር ትስላላችሁ? የሠራችሁት ካለ እባካችሁ አሳዩኝ።